ገቢዬ ወር በወር ይለያያል፤ ዓመቱ ሲዘጋ 1,720 ብር ይመለስልኛል ወይስ እኔው እጨምራለሁ?

የአራዳ ልጅ · ሐምሌ 6 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? የግብር ጉዳይ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ ነው የመጣሁት።

እዚሁ ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ የአዳራሽ ሽያጭ ላይ እሠራለሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ አመጣለሁ። መነሻ ደመወዜ 6,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ ባመጣሁት ዝግጅት ልክ ኮሚሽን አለኝ። የእኛን አገር ሰርግ ታውቁታላችሁ። ጥር ላይ ከጥምቀት ጋር ይጎርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭር ይላል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። ገቢዬም አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

ያለፈው የበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ 2017 እስከ ሰኔ 2018፣ ይህን ይመስላል። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ ኮሚሽን አልነበረኝም፤ 6,000 ብቻ ነው። መስከረም 9,000፣ ጥቅምት 8,000፣ ጥር 26,000፣ የካቲት 12,000፣ ሚያዝያ 22,000፣ ግንቦት 13,000። ሲደመር 126,000 ብር ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ለግብር የተቆረጠብኝ 23,320 ብር ነው።

አሁን ጥያቄው። 126,000 ለ12 ሲካፈል 10,500 ነው። በየወሩ እኩል 10,500 ባገኝ ኖሮ የወሩ ግብር 1,800፣ የዓመቱ 21,600 ይሆን ነበር። እኔ ግን 23,320 ከፍያለሁ። ስለዚህ 1,720 ብር ይመለስልኛል ብዬ አስቤአለሁ። የት ሄጄ ነው የምጠይቀው? ሆቴሉን ነው ወይስ ገቢዎችን?

ጎንደሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ · ሐምሌ 6

ወንድሜ፣ ሂሳብህ ልክ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ የምኖረው በዚህ ነው። ቦነስ የወሰድኩበት ሳምንት ግብሩ ብዙ ይቆረጣል። ምክንያቱም አሠሪዬ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የማገኝ አስመስሎ ነው የሚያሰላው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን እስከ ኤፕሪል 15 ቅጼን ሞልቼ አስገባለሁ። የዓመቱ ገቢ በአንድነት ይታያል፣ ግብሩ እንደገና ይሰላል፣ ትርፉ ይመለሳል። እንዲያውም ለአክስቴ ልጅ ያንተ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቀኝ እንዲሁ ብያታለሁ። ዝም ብለህ አትተው፣ ገንዘብህ ነው።

ከአዘዞ · ሐምሌ 7

እዚህና እዚያ አንድ አይደለም። እኔ አንድ ድርጅት ውስጥ ፔሮል እሠራለሁ። በእኛ አገር የተቀጣሪ ግብር የወር ነው። ጥር በጥር ይቆረጣል፣ ሚያዝያ በሚያዝያ። ዓመታዊ ማስታረቅ የሚባል ነገር የለም። ወሩ ካለፈ አለቀ ማለት ነው። የሚመለስልህም የምትጨምረውም የለም። በከንቱ አትድከም።

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 7

ልጄ፣ ጥያቄህን በዝርዝር ስላቀረብከው ደስ ብሎኛል። ቁጥር ሳይሰጡ የሚጠይቁ ይበዛሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ይሄው ነበርና ያለኝን ልንገርህ።

ከአዘዞ የጻፈው ግማሹን ልክ ነው። በአገራችን ሕግ የመቀጠር ገቢ ግብር የሚሰላው በየወሩ ነው። የዓመቱን ደምረህ ለ12 አካፍለህ እንደገና የምታሰላበት መንገድ የለም። ሌላ ገቢ የሌለው ተቀጣሪም የዓመት የግብር ማስታወቂያ አያስገባም፤ አሠሪው ቆርጦ ካስገባ በቂ ነው። ስለዚህ 21,600 የምትለው ቁጥር ለአንተ አይሠራም።

ለምን እንደሆነ ላሳይህ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በየወሩ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይቆረጥበታል። እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ። ታኅሣሥ ላይ 6,000 ብር ስታገኝ ባለ 20 በመቶው ደረጃ ላይ ቆምክ። ከዚያ በላይ የባለ 20ው ቀሪ፣ ባለ 25ቱና ባለ 30ው ቦታ ባዶ ቀረ። ያ ባዶ ቦታ ለጥር አይተላለፍም። ጥር ላይ ከ26,000ው ውስጥ 12,000ው በቀጥታ 35 በመቶ ገባ። ገቢው ወጣ ገባ የሚል ሰው ከእኩል ገቢ ባለቤት የበለጠ የሚከፍለው በዚህ ነው። ያሳዝናል፣ እኔም ስሠራ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር። ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

አሁን ወር በወር እናስላው። 6,000 ሲሆን ግብሩ 700 ነው። እንደዚህ ያሉ ስድስት ወራት ስላሉህ 4,200። መስከረም 1,400፣ ጥቅምት 1,150፣ ጥር 7,050፣ የካቲት 2,250፣ ሚያዝያ 5,650፣ ግንቦት 2,550። ድምሩ 24,250 ብር።

የተቆረጠብህ ግን 23,320 ነው። እንግዲህ ተመላሽ ቀርቶ 930 ብር የጎደለ ይመስላል። ከአዘዞ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ማማከል ባይኖርም ወሩ በስህተት ከተሰላ ስህተቱ ወሩ ስላለፈ አይሞትም። ኦዲት ሲመጣ ይነሳል።

ነገር ግን 930 ብር ይዘህ የትም እንዳትሄድ። ድምር ውሸት ሊነግርህ ይችላል። አንዱ ወር በዝቶ ሌላው ወር ጎድሎ ሊሆን ይችላልና። የየወሩን የመክፈያ ወረቀት አምጣና የተቆረጠውን ለየብቻ ጻፍልን።

የጥልፍ ቤቷ · ሐምሌ 7

ይቅርታ ጋሼ፣ የእኔስ ታዲያ እንዴት ሆነ? እኔ የሐበሻ ቀሚስና የሆቴል ዩኒፎርም ነው የምሸጠው። ገቢዬ ከዚህ ልጅ በባሰ ይዋዥቃል። ለጥምቀትና ለፋሲካ እሸጣለሁ፣ ክረምት ላይ የሱቅ ኪራይ እንኳ አይወጣም። ሆቴሎች ሲከፍሉኝ ግብር ቀንሰው ደረሰኝ ይሰጡኛል። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ሁሉ ተደምሮ ይታሰብልኛል። አንድ ክፉ ዓመት ላይ እንዲያውም የተቀነሰው ከዓመቱ ግብሬ በልጦ ለቀጣዩ ተይዞልኛል። ስለዚህ ዓመታዊ ማስታረቅ የለም ማለት እንዴት ይሆናል?

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 8

እህቴ፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ። የአንቺ ግብር ከመጀመሪያውም የዓመት ነው። የሂሳብ መዝገብ ከያዝሽ የሐምሌ ኪሳራ የጥርን ትርፍ ይቀንስልሻል። ሆቴሎቹ የሚቀንሱብሽ ደግሞ ለዓመቱ ግብር ቅድሚያ ክፍያ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍሽ ይሰላል፣ ግብሩ ይወጣል፣ ከዚያ ቀድሞ የተቀነሰው ይነሳል። ካነሰ ትጨምሪያለሽ፣ ከበለጠ ይያዝልሻል ወይም ተመላሽ ትጠይቂያለሽ። ስለዚህ እነዚያን ደረሰኞች እንደ ብር ያዢያቸው። አንዱ ከጠፋ ተቀንሶብኛል ብለሽ ማስረዳት ይከብድሻል።

የአራዳው ልጅ ግን ተቀጣሪ ነው። ኮሚሽኑም ከአሠሪው የመጣ ስለሆነ እንደ ንግድ ገቢ አይታይም፤ የደመወዙ አካል ነው። ከአንቺ ጋር አንድ ዓይነት ገቢ ቢኖረው እንኳ ግብራችሁ ይለያያል።

ጎንደሬው ከሲልቨር ስፕሪንግ · ሐምሌ 8

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካ እኔ የዚህን አገር ሕግ ነው ለጎንደር ያወራሁት። የአክስቴን ልጅ ዛሬውኑ ደውዬ አስተካክላለሁ። እሷም በኮሚሽን ነው የምትሠራው፣ የሚመለስ ገንዘብ እየጠበቀች ነው።

የአራዳ ልጅ · ሐምሌ 9

ጋሼ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የመክፈያ ወረቀቶቼን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ከመስከረም እስከ መጋቢት እርስዎ ያሰሉት ቁጥር ነው ያለው። የጥሩም 7,050 ነው። ግንቦትና ሰኔም ልክ ናቸው። የሚለዩት እነዚህ ናቸው፦

ሐምሌ 2017፣ ደመወዝ 6,000፣ ግብር 935።
ነሐሴ 2017፣ ደመወዝ 6,000፣ ግብር 935።
ሚያዝያ 2018፣ ሁለት ወረቀት ነው ያለኝ። በመጀመሪያው ደመወዝ 6,000፣ ግብር 700። ከሳምንት በኋላ በተሰጠኝ በሁለተኛው ኮሚሽን 16,000፣ ግብር 3,550።

ሚያዝያ ላይ ሂሳብ ሠራተኛው ተቀይሮ ነበር። ኮሚሽኑ ለብቻው የተከፈለኝ የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 9

ጎበዝ። አሁን ነገሩ ተገለጠ።

935 የምትለዋን ቁጥር ሳያት ወዲያው አወቅኳት። የድሮው ሠንጠረዥ ናት። በአዋጅ 979/2008 ጊዜ 6,000 ብር ላይ 25 በመቶ ተባዝቶ 565 ሲቀነስ የሚመጣው 935 ነው። አዲሱ አዋጅ በምክር ቤት የጸደቀው ሐምሌ ውስጥ ስለነበር ብዙ ቦታ ፔሮሉ በአሮጌው ተሠርቶ ወጥቷል። ነሐሴ ላይ ግን ማስተካከል ነበረባቸው። ትክክለኛው 700 ስለሆነ በየወሩ 235፣ በሁለቱ ወር 470 ብር በላይ ተቆርጦብሃል። ይህ የአንተ ገንዘብ ነው።

ሚያዝያ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ደመወዝና ኮሚሽን የአንድ ወር፣ የአንድ አሠሪ ገቢ ነው። ተደምሮ 22,000 ላይ መሰላት ነበረበት፤ 5,650 ይመጣ ነበር። ለየብቻ ሲሰላ ግን ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ሁለት ጊዜ ተሰጠህ። ባለ 15ቱም ባለ 20ውም ሁለት ጊዜ። 700 እና 3,550 ሲደመር 4,250 ብቻ ሆነ። 1,400 ብር ጎደለ። ይህን ስህተት በቀላሉ የምታውቀው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የግብር ተቀናሽ ስታይ ነው። ሁለተኛው ላይ «ከዚህ በፊት የተቆረጠ» የሚል መስመር ከሌለ ጠርጥር።

1,400 ጎድሎ 470 በዝቷል። ልዩነቱ 930 ነው፤ የመጀመሪያው ድምር የነገረን ይህንኑ ነበር። ግን እንዳልኩህ ሁለቱን አታቀላቅላቸው። ሚያዝያ ያልተቆረጠው ግብር በሕግ የሚጠየቅበት አሠሪህ ነው። ቆርጦ ማስገባት የእሱ ግዴታ ነበርና። ከፍሎ ካበቃ በኋላ ግን ካንተ ሊያስመልስ ይችላል። የግብሩ ዋና ገንዘብ የአንተ ዕዳ ስለሆነ 1,400ውን ቢጠይቅህ አይፈረድበትም። መቀጫና ወለድ ግን የሆቴሉ ጥፋት ያመጣው ነው፤ ያንን ከደመወዝህ እንዲቆርጡ አትፍቀድ።

ለሆቴሉ በጽሑፍ አመልክት። አራቱን ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ አድርገህ አያይዝ። በደብዳቤው ላይ የሐምሌና የነሐሴ ማስታወቂያ እንዲሻሻልና 470 ብር እንዲታሰብልህ፣ የሚያዝያውም በአንድ ላይ እንደገና እንዲሰላ ጠይቅ። ገቢዎች ሄደህ አንተ ራስህ ብታመለክት መጀመሪያ የሚጠይቁህ የአሠሪህን ማስታወቂያ ነው። የተሻሻለው እዚያ ካልገባ የሚያዩት ነገር የላቸውም።

ቆጣቢዋ · ሐምሌ 10

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ጋሼ፣ የወሩ ገቢ ተደምሮ ነው የሚሰላው ካሉ የእኛ ቦነስ ለምን ለ12 ይካፈላል? ደመወዜ 11,000 ነው። 30,000 ብር ቦነስ ሲሰጠን ሂሳብ ክፍሉ 2,500 በየወሩ እንደጨመርን አድርጎ አሰላው። 9,000 ብር ተቆረጠብኝ። እንደ የአራዳው ልጅ በአንድ ወር ቢደመር 10,350 ይሆንብኝ ነበር። ታዲያ የእሱ ኮሚሽን ለምን አይካፈልም?

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 10

ያሰላሽው ልክ ነው፣ ልዩነቱ 1,350 ብር ነው። ቦነስ የዓመት ሥራ ዋጋ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራው አንቺ እንዳልሽው ነው። ኮሚሽን ግን የዚያው ወር ሽያጭ ነው። የጥር ሰርግ የጥር ገቢ ነው፤ ለመጋቢት የሚካፈልበት ምክንያት የለውም። ደመወዙ ከ14,000 በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ቦነሱ ቢካፈልም ባይካፈልም ለውጥ የለውም። ሁሉም 35 በመቶ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከአዘዞ · ሐምሌ 10

ጋሼ፣ ስህተት ወሩ ካለፈ በኋላም ይታረማል ያሉትን ተቀብያለሁ። የእኛንም የሐምሌ 2017 ፔሮል ዛሬ አወጣሁት፤ 14 ሠራተኛ በአሮጌው ሠንጠረዥ ተሰልቷል። ነገ ለሥራ አስኪያጁ አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ኮሚሽን የጥር ሰርግ ስለሆነ የጥር ገቢ ነው ብለዋል። ደንበኛው ገንዘቡን የካቲት ላይ ቢጨርስና ሆቴሉም ኮሚሽኑን የካቲት ላይ ቢከፍልስ? እኔ በፔሮል የማውቀው የተከፈለበትን ወር ነው። ማስታወቂያውም የሚገባው በዚያ ወር ነው፣ ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ።

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 11

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ በሠራሁበት ጊዜ የኋላ ደመወዝ በአንድ ላይ ሲከፈል ለየወሩ በትነን ነበር የምናሰላው፤ የወሩን ስም ጠቅሰን። ኮሚሽን ላይ ግን ሁለት ዓይነት አሠራር አይቻለሁ። ውሉ «ደንበኛው ሲከፍል» የሚል ከሆነ ያንተ አቋም ይጠነክራል፤ ከዚያ በፊት ሠራተኛው መብት የለውማ። «ዝግጅቱ ሲካሄድ» ከሆነ የእኔ። የአራዳው ልጅ ውልህ ምን ይላል?

የአራዳ ልጅ · ሐምሌ 17

ዘግይቼ ስለመጣሁ ይቅርታ። ደብዳቤውን ሰኞ አስገባሁ። አዲሱ ሂሳብ ሠራተኛ ሚያዝያን ሲያይ ወዲያው አመነ። 1,400ው በሐምሌና በነሐሴ ደመወዜ ላይ በየወሩ 700፣ 700 ሆኖ ይቆረጣል ተባብለናል። መቀጫ ካለ ሆቴሉ ይችላል ብለው በጽሑፍ ሰጥተውኛል፤ ጋሼ ባይነግሩኝ ይህን አልጠይቅም ነበር።

470ዋ ግን ገና ናት። «የ2017 ሐምሌ ተዘግቷል» አሉኝ። የሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ማስታወቂያውን አንድ ላይ ያሻሽሉ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ ይወስናል። ሌሎቹም እንዲፈርሙ ወረቀት እያዞርኩ ነው፤ እስካሁን ዘጠኝ ሰው ፈርሟል።

ውሌን አየሁት። «ኮሚሽን በወሩ መጨረሻ ይከፈላል» ይላል እንጂ የትኛው ወር እንደሆነ አይልም። ሰኔ 28 የነበረ የምርቃት ዝግጅት ኮሚሽኑ እስካሁን አልተከፈለኝም፤ 5,000 ብር ነው። ሰኔ 6,000 ብቻ ነበረኝ። ሐምሌ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ዝግጅት ይዣለሁ። ከሰኔ ጋር ቢታሰብልኝ ግብሩ 1,150 ብር ይጨምራል፤ ከሐምሌ ጋር ከሆነ 35 በመቶ ይነካና 1,750 ይሆንብኛል። ጋሼ፣ ከአዘዞ፣ ሁለታችሁም ምን ትላላችሁ?

ከአዘዞ · ሐምሌ 17

እኔ ሐምሌ እላለሁ። ግን ክፍያው ሳይወጣ ሂሳብ ሠራተኛውን አናግረው፤ ከወጣ በኋላ ከባድ ነው።

ሂሳብ ሹም ከማራኪ · ሐምሌ 18

እኔ ሰኔ እላለሁ፤ ሥራው ሰኔ ላይ ተሠርቶ አልቋል። በሰኔ ስም ለብቻ ፔሮል ይሠራ፣ ግን በ11,000 ላይ ተደምሮ፤ ቀድሞ የተቆረጠው 700 ይቀነስና 1,250 ይቆረጥ። አንተ 1,150 ያልከው ልክ አይደለም። ከ10,000 በላይ ያለችው 1,000 ብር 30 በመቶ ናት። የሰኔ ማስታወቂያ ማስገቢያ ጊዜም እስከ ሐምሌ መጨረሻ ስለሆነ አሁን ከተናገርክ ይደርሳል። የእኔን ሐሳብ ካልተቀበሉ ግን ከአዘዞ እንዳለው የሐምሌ ይሆናል።